አማልክት ለምን ተራራ ላይ ይኖራሉ? ከፍታው ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ?

አክስት ነኝ
ሰላም ለሁላችሁ። የእህቴ ልጅ 11 ዓመቷ ነው። ሰሞኑን የግሪክ አፈ ታሪክ ይዛ አትለቅም። ትናንት እራት ላይ "አክስቴ፣ ዜውስ ለምን ሜዳ ላይ አይኖርም?" አለችኝ። "ከፍ ብሎ ሁሉን ለማየት ነዋ" አልኳት። "አምላክ ከሆነ ከሜዳም ሆኖ ማየት ይችላል እኮ" አለችኝ። ዝም አልኩ፤ ልጅቷ ልክ ናት።

ከዚያ እኔንም ይከነክነኝ ጀመር። ግሪኮቹ ኦሊምፖስ አላቸው። ሌሎችም ሕዝቦች እርስ በርስ ሳይገናኙ አማልክታቸውን ተራራ ላይ አስቀምጠዋል። "ከፍታ የታላቅነት ምልክት ነው" የሚለው መልስ ብቻውን አልበቃኝም። በደንብ የሚያውቅ ካለ እስኪ ያስረዳን።

ሽቅብ ተመልካች
እህቴ፣ እኔ ነገሩን አላወሳስበውም። ሰማይ ላይ ፀሐይ አለ፣ ኮከብ አለ፣ መብረቅም ከዚያ ይመጣል። ሰው ደግሞ ከምድር ወደ ሰማይ የሚቀርበው በተራራ ነው። ስለዚህ አገሩ ውስጥ ካለው ሁሉ የሚረዝመውን ተራራ ይመርጥና "አምላኬ እዚህ ነው" ይላል። ንጉሥም ዙፋኑን ከፍ አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው። ከፍ ያለ ይገዛል፣ ዝቅ ያለ ይገዛለታል። በቃ።

የአብነት ተማሪ
ልጆቼ፣ ይህን ርእስ ሳይ ልቤ አዘነ። እግዚአብሔር በተራራ አይወሰንም። ሰማይና ሰማየ ሰማያት እንኳ እንደማይበቁት ሰሎሞን ራሱ ተናግሯል። "አምላክ ተራራ ላይ ይኖራል" ብሎ ለልጅ ማስተማር ስሕተት ነው። ወደ ተራራ የምንወጣው ለጸሎት ጸጥታ ስለሚገኝ ነው እንጂ እሱ እዚያ ስለሚያድር አይደለም።

አክስት ነኝ
የኔታ፣ ይቅርታ፣ እርስዎን ለማሳዘን አልነበረም። የጠየቅሁት የጥንት ሕዝቦች በአፈ ታሪካቸው ለምን እንደዚያ እንዳሰቡ ነው። ስለ እምነታችን አይደለም። እርስዎ ግን መጽሐፉን ስለሚያውቁት አይለዩን፤ ሳንፈልግዎ አንቀርም።

ሸክላ አንባቢ
የኔ ሥራ ከጥንት ሴማዊ ጽሑፎች ጋር ነው። ስለዚህ ትንሽ ልርዘም።

"ሽቅብ ተመልካች" ያልከው ግማሹ ልክ ነው። "ከሁሉ የሚረዝመውን ይመርጣሉ" ያልከው ግን ከማስረጃው ጋር አይሄድም። ዓለምን ሁሉ ከምናዳርስ አንድ ተራራ ይዘን እንይ።

ሶርያና ቱርክ በሚዋሰኑበት የሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ የኦሮንቴስ ወንዝ ባሕር ከሚገባበት አጠገብ፣ ጀበል አቅራዕ የሚባል ተራራ አለ። መላጣው ተራራ ማለት ነው። ቁመቱ 1,700 ሜትር ቢበልጥ በትንሹ ነው። እኛ ደገኞች "ይሄማ ምኑ ተራራ ነው" እንል ይሆናል። አዲስ አበባ ራሷ ከዚያ ትበልጣለች። ግን ተራራው የሚነሣው ከባሕሩ ጠርዝ ነው። ስለዚህ 1,700ውም ሜትር አንድ ላይ ይታያል።

ከተራራው ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ኡጋሪት የምትባል ጥንታዊ ከተማ ነበረች። በ1928 አንድ ገበሬ ሲያርስ ማረሻው የመቃብር ድንጋይ መታ። በዓመቱ ቁፋሮ ተጀመረና ከመሬት በታች ጽሑፍ የተሞላ ከተማ ወጣ። ከወጡት የሸክላ ሰሌዳዎች በስድስቱ ላይ የበኣል ታሪክ አለ። በኣል የዝናብና የነጎድጓድ አምላክ ነው፤ መኖሪያውም ይህ ተራራ ነው። እነሱ ጻፎን ይሉታል።

አሁን ቁመቱን አስቡት። ወደ ደቡብ የሊባኖስ ከፍተኛ ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ወደ ሰሜን ያሉት የአማኑስ ተራሮችም ከ2,000 ያልፋሉ። ነገሩ በርዝመት ቢሆን በኣል ሊባኖስ ላይ ይኖር ነበር። ለምን ጻፎን ሆነ?

መልሱ ዝናብ ነው። ከባሕር የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ከዚህ ተራራ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። መሄጃ ሲያጣ ሽቅብ ይወጣል። ሲወጣ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆናል። የኡጋሪት ገበሬ በመስኖ አልነበረም የሚያርሰው፤ ሰማይ ጠባቂ ነበር። በጋው ሙሉ በሙሉ ደረቅ ነው። በመጸው ወደ ሰሜን ሲያይ ደመናው ተራራው ላይ ሲከማች፣ መብረቁም እዚያው ሲወርድ ይመለከታል። "ዝናብ የሚሰጠው ማን ነው? የት ነው ያለው?" ብትሉት በጣቱ ያሳያችኋል።

መልሕቅ
እኔ መርከበኛ ነኝ። ታሪክ አላውቅም፣ ይህን ተራራ ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ከደቡብ ወደ ቱርክ ወደብ ኢስከንደሩን ስንሄድ ነው። ጎሕ ሲቀድ የመርከቡ መሪ ክፍል ውስጥ ተረኛ ነበርኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከፊታችን በስተቀኝ አንዲት ነጭ ደመና ብቻዋን ቆማለች። አትንቀሳቀስም። ደመና እኮ ይሄዳል፤ እሷ ግን እዚያው ናት። ቆይቶ ከሥሯ የተራራው ጥላ ወጣ። አለቃዬ በካርታው ላይ ስሙን አሳየኝ።

አንድ ሒሳብ ልስጣችሁ። እኛ ባሕር ላይ አንድ ነገር ከስንት ርቀት እንደሚታይ ለማወቅ የቁመቱን ስኩዌር ሩት በ3.57 እናባዛለን። የ1,700 ሜትር ተራራ ስኩዌር ሩት 41 ነጥብ ምናምን ነው። ሲባዛ ወደ 147 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ይህ ዓይንህ ከውኃው ልክ ሲሆን ነው፤ ከፍ ካልክ ይጨምራል። ካርታ ለሌለው ለጥንት መርከበኛ እንግዲህ ያ ተራራ ሕይወቱ ነው። ጭጋግ ካልጋረደው በቀር ወደቡ በየት በኩል እንደሆነ ከሩቅ ይነግረዋል። ደግሞ ጫፉ ላይ ደመናው ሲጠቁር ማዕበል እየመጣ ነው ማለት ነው። እኔ ሸክላ ባላነብም ለምን እንደጸለዩለት ይገባኛል።

ሸክላ አንባቢ
ወንድሜ፣ ያልከውን የሚያረጋግጥ ነገር አለ። ኡጋሪት ውስጥ የበኣል ቤተ መቅደስ ሲቆፈር 17 የድንጋይ መልሕቆች ተገኝተዋል። አንዳንዶቹ ግማሽ ቶን ገደማ ይመዝናሉ። መርከበኞች ከወደቡ ከፍታው ድረስ ጎትተው አውጥተው በስለት ያስገቧቸው ናቸው። ግማሽ ቶን ድንጋይ ሽቅብ የሚጎትት ሰው ባሕር ላይ ምን እንዳየ አስቡት።

የዝቋላ ሥር ልጅ
ይህን ሳነብ አያቴ ትዝ አለችኝ። ያደግሁት ዝቋላ ከሚታይበት ሜዳ ነው። አያቴ ሬዲዮም አልነበራት። ጠዋት ከቤት ትወጣና እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ዝቋላን ታያለች። ጫፉ ጉም ከደፋ "ዛሬ እህል አይሰጣም" ትላለች። ከተገለጠ በርበሬው ይወጣል። አንድ ቀን ሰማዩ ብራ ሆኖ ጫፉ ላይ ትንሽ ጉም ነበረች። እኔ ስቄባት ሰፌዱን አወጣሁ። ከሰዓት በኋላ የሆነውን ልተወው፤ በርበሬው ሦስት ቀን እሳት ዳር ነው የደረቀው።

ዝቋላ ከአገሪቱ ረጅሙ አይደለም፣ 3,000 እንኳ አይሞላም። ግን ሜዳ መሀል ብቻውን ነው የቆመው። ጫፉ ላይ ሐይቅ አለ፣ ገዳሙም አለ። ራስ ደጀን ከሺህ ሜትር በላይ ይበልጠዋል፤ እንደ ዝቋላ አቦ ሕዝብ ሲተምበት ግን ሰምቼ አላውቅም። "ሸክላ አንባቢ" ያልከው እዚህም ይሠራል።

አንድ ልጨምር። ኦሮሞዎች ኢሬቻን ሁለት ጊዜ ነው የሚያከብሩት። በመስከረም ወንዝና ሐይቅ ዳር ወርደው ያመሰግናሉ። ከክረምቱ በፊት፣ ምድሩ ደርቆ ሳለ ግን ተራራ ላይ ይወጣሉ፤ ኢሬቻ ቱሉ ይባላል። የሚለምኑት ዝናብ ነው። ሲለምኑ ተራራ፣ ሲያመሰግኑ ውኃ ዳር። ከዚህ በላይ ምን ግልጽ ነገር አለ?

ሽቅብ ተመልካች
እሺ፣ ርዝመቱ ላይ ተሸንፌያለሁ። ግን ሥልጣኑን አልለቅም። ተራራው ላይ ያለው የአማልክቱ ንጉሥ አይደለም ወይ? ዜውስ ንጉሥ ነው። በኣልም ንጉሥ ይመስለኛል። ስለዚህ ከፍታ ማለት ሥልጣን ነው።

ሸክላ አንባቢ
ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ታሪኩ ራሱ ይመልስልሃል።

በኡጋሪት የአማልክቱ አባትና የበላይ በኣል አይደለም፣ ኤል ነው። ኤል ደግሞ ጻፎን ላይ አይኖርም። "በሁለቱ ወንዞች ምንጭ፣ በጥልቆቹ መካከል" ነው የሚኖረው ይላል ጽሑፉ። በኣል ቤት እንኳ የለውም፤ ታሪኩ የሚያጠነጥነውም እዚያ ላይ ነው። "እንደ ሌሎቹ አማልክት ቤት የለኝም" እያለ ያለቅሳል። ለመሥራት የኤል ፈቃድ ያስፈልገዋል። የኤል ሚስት አሼራ ሄዳ ታማልደዋለች። ኤል ሲፈቅድ አሼራ ምን አለች መሰላችሁ? አሁን በኣል የዝናቡን ጊዜ ይወስናል፣ ድምፁን በደመና ያሰማል፣ መብረቁን ወደ ምድር ይልካል አለች። ቤቱ የተፈለገው ለክብር ብቻ አልነበረም፤ ዝናብ በወቅቱ እንዲመጣ ነው።

ከዚያ እጀ ብልሁ አምላክ ኮታር ሊሠራለት ይመጣል። "መስኮት ላውጣለት" ይላል። በኣል እምቢ ይላል። ኮታር "ነገሬን መለስ ብለህ ታስታውሳለህ" ይለዋል። ብርና ወርቅ ሰባት ቀን በእሳት ሲቀልጥ ቆይቶ ቤቱ ያልቃል። በኋላ በኣል ራሱ ሐሳቡን ይለውጥና "መስኮቱ ይከፈት" ይላል። መስኮቱ ሲከፈት የተከፈተው ደመናው ነው፤ ጽሑፉ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። በዚያ በኩል ድምፁን ያሰማል፣ ምድርም ትናወጣለች። እንግዲህ የተራራው ቤት ዝናብ የሚወርድበት መስኮት ያለው ቤት ነው። እኔ ይህን ቦታ ባነበብኩ ቁጥር ያን የቆመ ደመና አየዋለሁ፤ "መልሕቅ" ያየኸውን።

አንድ ነገር ግን አልደብቅም። ኤል የሚኖርበትም ቦታ ተራራ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። የአማልክት ጉባኤ የሚደረግበት ሌላ ተራራም በጽሑፉ ይጠቀሳል፤ የማን እንደሆነ ይከራከራሉ። ስለዚህ "ተራራ የዝናብ አምላክ ብቻ ነው" ብዬ አልደመድምም። የጻፎን ግን የዝናብ ነው።

አክስት ነኝ
መስኮቱን ለልጅቷ ነገርኳት። "ታዲያ በኣል ከቤቱ ሲጠፋስ?" አለችኝ። እንደዚያ የሚል አለ?

ሸክላ አንባቢ
አለ። የሞት አምላክ ሞት ይውጠዋል፤ ስሙም እንደ አማርኛችን ሞት ነው። ዝናብ ይቀራል። ዙፋኑ ባዶ ስለሆነ ዐሥታር የሚባል አምላክ ይሾማል። ጻፎን ላይ ይወጣና ዙፋኑ ላይ ይቀመጣል። እግሩ መረገጫው ላይ አይደርስም። ራሱም እስከ ዙፋኑ አናት አይደርስም። ከዚያ በገዛ ፈቃዱ ይወርዳል። "በጻፎን ከፍታ ልነግሥ አልችልም" ብሎ ከታች በምድር ይነግሣል።

እዚህ ላይ "ሽቅብ ተመልካች" ያልከው ይመለሳል። ተራራው የሥልጣን ልክም ነው። ግን ልኩ ዝናብ ማምጣት ነው፤ ያልቻለ አይሞላውም።

ለኛ ደግሞ ዐሥታር ባዕድ አይደለም። ዒዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባስቀረጸው ጽሑፍ ላይ ዐስተር ከብሔርና ከምድር ጋር ይጠራል። ያው ስም ነው።

ለምን በሉ
እኔ አልተስማማሁም። ሁለት ነገር አለኝ። አንደኛ፣ ግብጽ ውስጥ ዝናብ የለም፣ ውኃ ከአባይ ነው። ሱመርም ሜዳ ነው። እነሱ ስለ ከፍታ ምን አሉ? ሁለተኛ፣ ሲና ላይ የተሰጠው ሕግ ነው እንጂ ዝናብ አይደለም። ሁሉን በዝናብ ማስረዳት ልክ አይመስለኝም።

የአብነት ተማሪ
ልጄ፣ የሲናውን እኔ ልመልስ። ዘጸአት 19ን አንብብ። በሦስተኛው ቀን ነጎድጓድና መብረቅ ሆነ፣ ተራራውን ከባድ ደመና ጋረደው። ሕጉ የመጣው በዚያ ውስጥ ነው። እግዚአብሔር ሰው በሚያውቀው ምልክት ይናገራል። ያ ዘመን ነጎድጓድን የሰማይ ድምፅ አድርጎ ያውቅ ነበርና።

መጀመሪያ ጥያቄውን ሳልረዳ ስለተቆጣሁ ይቅር በሉኝ። አሁን ሳስበው መጽሐፉ ራሱ ይህን ያውቃል። በአንደኛ ነገሥት 20 የሶርያ ንጉሥ አገልጋዮች ምን አሉት? የእስራኤላውያን አምላክ የተራራ አምላክ ስለሆነ አሸነፉን፤ በሜዳ እንግጠማቸው አሉ። በሜዳም ተሸነፉ። የእህትሽ ልጅ "ከሜዳም ሆኖ ይችላል" ያለችው እኮ ይህ ነው።

አንድ ቃል ደግሞ አስቡ። ደብር በግእዝ ተራራ ነው። ደብረ ሲና፣ ደብረ ታቦር፣ ደብረ ዘይት ስንል ተራራ ነው የምንጠራው። ዛሬ ግን ሜዳ መሀል ያለውን ቤተ ክርስቲያን "ደብሩ" እንለዋለን። ተራራ በሌለበትም ስሙን ይዘን ሄድን።

ሸክላ አንባቢ
የኔታ፣ እድሜ ይስጥልኝ። የደብሩ ነገር ለ"ለምን በሉ" የመጀመሪያ ጥያቄም መልስ ነው። ሱመሮች ተራራ አልነበራቸውም፣ ሠሩት። በጭቃ ጡብ ደረጃ በደረጃ እየቆለሉ። ኒፑር የነበረው የኤንሊል ቤተ መቅደስ ስሙ ኤኩር ነው፤ የተራራ ቤት ማለት ነው። ኤንሊል ደግሞ የነፋስና የማዕበል አምላክ ነው። ስሙ ተራራውን ተከትሎ ሜዳ ወረደ።

ግብጽ ላይ ግን ትክክል ነህ። እዚያ ከፍታው ከውኃ መጀመሪያ ብቅ ያለ ጉብታ ነው፤ የአባይ ጎርፍ ሲጎድል እንደሚታየው መሬት። ዝናብም ደመናም የለበትም። ስለዚህ ከፍ ያለ ቦታ በየአገሩ የሚናገረው ያ አገር ውኃውን ከየት እንደሚያገኝ ይመስለኛል። ይህ የኔ ግምት ነው፤ ብትሞግተኝ ደስ ይለኛል።

ግሪኮቹን በተመለከተ አንድ ምሳሌ ብቻ። አርካዲያ ውስጥ ሊካዮን የሚባል የዜውስ ተራራ አለ፣ 1,400 ሜትር ገደማ። ፓውሳንያስ የሚባለው ግሪካዊ ተጓዥ እንደጻፈው፣ ድርቅ ሲጠና የዜውስ ካህን እዚያ ወዳለ ምንጭ ሄዶ የባሉጥ ቅርንጫፍ በውኃው ላይ ይነካል። ከምንጩ ጭጋግ ይነሣል፣ ደመና ይሆናል፣ ዝናብ ይመጣል። ለልጅቷ ይህን ንገሪያት። ዜውስ ተራራ ላይ ምን እንደሚሠራ ያሳያል።

ለምን በሉ
በግብጹ ላይ ስለተቀበልከኝ አመሰግናለሁ። ሲና ግን አሁንም አልተዘጋልኝም። ነጎድጓዱ አለ፣ ዝናቡ ግን የለም። ሙሴ የወረደው ጽላት ይዞ ነው። ከደመና ወደ ሕግ የተሻገረው በምን መንገድ እንደሆነ የሚያውቅ ቢጽፍ አነባለሁ።

መልሕቅ
እኔ የምጠይቀው አጭር ነው። ያ ተራራ ጫፉ ላይ ምን አለ? ከመርከብ ምንም አይታይም።

ሸክላ አንባቢ
አመድ አለ። ከመሥዋዕት የተረፈ የአመድ ቁልል፤ ስፋቱ 55 ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ 8 ሜትር ገደማ። የኡጋሪት ቆፋሪ ክሎድ ሼፈር በ1937 ጀምሮት ነበር። ሁለት ሜትር ያህል ወርዶ የግሪኮቹን ዘመን አገኘና ቁፋሮው ቆመ። ከዚያ በታች ያለው ስድስት ሜትር አልተነካም። ዛሬ ቦታው የወታደር ድንበር ነው።

ላይኛው አመድ የማን እንደሆነ እናውቃለን፤ ግሪኮችና ሮማውያን ዜውስ ካስዮስ ብለው እዚያው ሠዉ። ንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን የፀሐይ መውጫ ለማየት በሌሊት ወጥቶ ነበር። የሕይወት ታሪኩ እንደሚለው ሊሠዋ ሲል ዝናብ መጣ፣ መብረቅም መሥዋዕቱንና አገልጋዩን መታ። ኡጋሪት ከጠፋች ከሺህ ዓመት በላይ አልፎ ነበር። ተራራው ግን የድሮ ሥራውን አልተወም።

የዝቋላ ሥር ልጅ
ስድስት ሜትር አመድ። ከሥር ያለው የመጀመሪያው እሳት መቼ ነደደ ይሆን? ድርቅ በሆነበት ዓመት ነው ብዬ እገምታለሁ።

አክስት ነኝ
ልጅቷ አሁን ስድስት ሜትሩን መቆፈር ትፈልጋለች። ስታድግ ድንበሩ ይከፈት እንደሆነ ጠይቂልኝ አለችኝ።